ወደኋላ የሚያመለክት ቀስት

የመምረጫ ፈተናው ውጤት የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ነው። አንደኛ ሱራፌል፣ ከሃምሳ አርባ ሰባት። ሁለተኛ ኢክራም ሸምሱ፣ አርባ ስድስት። ሦስተኛ ዘምዘም ኑሪ፣ አርባ አምስት። ኢክራም እኔ ነኝ።

ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ተመርጦ ክረምቱን ሆሳዕና፣ እውነተኛ ላቦራቶሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ይማራል። እኔ ካልተመረጥኩ የሚጠብቀኝ አዲሎ ያለው የአባቴ ሱቅ ነው፤ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የሞባይል ካርድ። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፦ "ከተመረጥሽ ትሄጃለሽ። ካልተመረጥሽ ሱቅ ትገቢያለሽ፤ የመስከረሙን ትምህርት ደግሞ እናያለን።" ሁለቱ እህቶቼም በጊዜያቸው "እናያለን" ተብለው ነበር። ዛሬ ሁለቱም ባለትዳር ናቸው።

የፈተና ወረቀቴን ተቀብዬ ሳገላብጠው ደሜ ፈላ። ጥያቄ ሠላሳ አንድ፦ ከሶዲየምና ከክሎሪን የትኛው አቶም በራዲየስ ይበልጣል? ሶዲየም ብያለሁ፤ ኤክስ። ጥያቄ ሠላሳ አራት፦ ከማግኒዥየምና ከሰልፈርስ? ማግኒዥየም ብያለሁ፤ ይሄም ኤክስ። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ሶዲየም 186 ፒኮሜትር፣ ክሎሪን 99 ይላል። መቶ ሰማንያ ስድስት ከዘጠና ዘጠኝ የሚያንስበት አገር ካለ አሳዩኝ።

የእርማቱ መልስ የተወሰደው ከግድግዳው ነው። ባንዲራው ፊት ለፊት ያለው ረጅም ግድግዳችን ላይ ፔሪዮዲክ ቴብል ተስሏል፤ መቶ አስራ ስምንቱም ኤለመንት በየሳጥኑ። መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ ስለሆነ አብዛኛው ልጅ የሚያጠናው ግድግዳው ሥር ቆሞ ነው። ከሰንጠረዡ ዳር ቀስቶች አሉ። ቀዮቹ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ወዴት እንደሚጨምር ያሳያሉ፤ ወደ ቀኝና ወደ ላይ። ልክ ናቸው። ሰማያዊዎቹ የአቶሚክ ራዲየስ ናቸው፤ እነሱም ወደ ቀኝና ወደ ላይ። በእኛ ግድግዳ ከሄድን ፍሎሪን ከሲዚየም ይበልጣል። ፍየል ከግመል ትበልጣለች እንደ ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ዘርአብሩክ ጋ ሄድኩ። ብቻውን መምህራን ክፍል ተቀምጦ ደብተር ያርም ነበር።

"ቲቸር፣ ሶዲየም ነው ክሎሪን?"

ወረቀቱን አየ፤ በሩን አየ። "ዝጊው" አለኝ።

በሩን ዘጋሁ፤ ነገሩንም ያን ጊዜ ሰማሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድግዳውን የሳለው ወልደ ማርያም የሚባል፣ የሚኒባስ ጀርባ ላይ ጥቅስ የሚጽፍ ሰው ነው። ቲቸር ዘርአብሩክ በወረቀት የሰጠውን አንድም ሳያጎድል ስሎት ነበር፤ የራዲየስ ቀስቶች ወደ ግራና ወደ ታች። የግድግዳው ምርቃት ሊደርስ ሲል ዳይሬክተራችን አቶ ሀብቴ መጥተው ቆሙና "ይሄ ምንድን ነው? በእኔ ትምህርት ቤት ወደኋላና ወደታች የሚያመለክት ቀስት? እንግዳ ምን ይለናል? አዙረው!" አሉ። ወልደ ማርያም አዞረው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

"አንተስ ምን አልክ?"

"አስረዳሁ። 'ልጆቹ ወደፊት ይዩ' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ራዲየስ ጥያቄ በወጣ ቁጥር መልሱ ከግድግዳው ጋር ይስማማ ብለዋል።" እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ባለቤቴ ሆሳዕና ናት፣ ኢክራም። ዝውውር ጠይቄአለሁ። የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።"

አዘንኩለት። ተናደድኩበትም። ሁለቱም እኩል ነበሩ።

በማግስቱ መጽሐፉንና የፈተና ወረቀቴን ታቅፌ ዳይሬክተር ቢሮ ገባሁ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። ሰንጠረዡን በጣታቸው ተከትለው አነበቡና መጽሐፉን መለሱልኝ።

"መጽሐፉ ልክ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን..."

"ስሚኝ፣ ልጄ። ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ይሄ ግድግዳ በሪፖርት ላይ የሞዴልነታችን ምልክት ነው። ሁለቱን ጥያቄ የእርማት ስህተት ነው ብዬ አስተካክልልሻለሁ፤ አርባ ስምንት ትሆኛለሽ። ሆሳዕና የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሐሙስ ደግሞ ግድግዳውን ለእንግዶቹ የምታስረጂው አንቺ ነሽ። እንዳለ።"

"እንዳለ?"

"እንዳለ።"

አልመለስኩላቸውም። ዝም ማለቴን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ አዲሎ ሱቅ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አስራ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። "ወደኋላ የማይሄድ መኪናማ ማን ይገዛል?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ግን ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ቦታውን ተቀበዪ። ቀስቱ ለማንም ዳቦ አይሆንም።"

"ውሸት ነው፣ አባ።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

ይሄን ተረት የሚተርት ሰው ሁሉ የሚቸኩል ጉዳይ የሌለው ነው። እያደር እስኪጠራ ድረስ ስንት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግድግዳው ሥር ቆሞ ውሸት ሸምድዶ ይሄዳል!

ሐሙስ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እንግዶቹ ገቡ። መሪያቸው ወይዘሮ ሙሉአለም ይባላሉ፤ ሲራመዱም ሲያዩም የማይቸኩሉ ሴትዮ ናቸው። አቶ ሀብቴ ክራቫት አስረው የመጠቆሚያውን ዱላ ሰጡኝ። "ጎበዝ ተማሪያችን ናት" አሉ።

"ቀዩ ቀስት ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ነው" አልኩ። "አንድ አቶም በቦንድ ውስጥ የጋራ የሆነውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ ነው። ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይጨምራል። ትልቁ ፍሎሪን ነው። እነ ኒዮን ጫፍ ላይ ቢሆኑም አይቆጠሩም፤ ቦንድ አይሠሩም። ይሄ ልክ ነው።"

አቶ ሀብቴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰማያዊው ግን ስህተት ነው። ሁለቱም ተገልብጠዋል።"

አቶ ሀብቴ አንድ እርምጃ መጡ። እኔ ግን ዱላውን ሶዲየም ላይ አሳርፌአለሁ።

"ከሶዲየም ወደ ክሎሪን ስንሄድ ፕሮቶን ከአስራ አንድ ወደ አስራ ሰባት ይደርሳል። ኤሌክትሮንም ይጨመራል፤ ግን እዚያው ሦስተኛው ሼል፣ ሦስተኛው የኤሌክትሮን ንብርብር ላይ ነው፣ አዲስ ሼል አይከፈትም። ውስጥ ሆነው የኒውክሊየሱን ስበት የሚከልሉት አስር ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ እነሱ አይጨምሩም። ስበቱ ሲበረታ ውጪኞቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። አቶሙ ያንሳል። ስለዚህ ራዲየስ የሚጨምረው ወደ ግራ ነው።"

"እሺ፣ እንግዶቻችን ምሳ..." አሉ አቶ ሀብቴ።

"ትጨርስ" አሉ ወይዘሮ ሙሉአለም።

"ወደ ታች ደግሞ በየረድፉ አንድ ሼል ይጨመራል። ሊቲየም ሁለት፣ ሶዲየም ሦስት፣ ፖታሲየም አራት። ፕሮቶኑ ቢበዛም የውስጦቹ ይከልሉታል፤ ውጪኛውም ኤሌክትሮን ይርቃል። ስለዚህ አቶሙ ይተልቃል። ከጫፉ የራቀ ኒውክሊየስ ደግሞ የሌላውንም ኤሌክትሮን አጥብቆ መሳብ አይችልም፤ ለዚህ ነው ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ወደ ታች የሚቀንሰው። ቀዩና ሰማያዊው የሚቃረኑት ምክንያታቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ስበቱ በጠነከረበት አቶሙ ያንሳል፣ ያንኑ ያህል ይስባል። ሁለቱን ቀስት ወደ አንድ ጎን ያዞረ ሰው ምክንያቱን ነው ያጠፋው።"

ወይዘሮ ሙሉአለም ወደ መምህራኑ ዞሩ። "የኬሚስትሪ መምህሩ ማነው?"

ቲቸር ዘርአብሩክ ወጣ። አቶ ሀብቴ አዩት። እኔም አየሁት፤ ካንተ ሌላ ማንም የለኝም ብዬ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ መልሶ ፈታ።

"ልጅቷ ልክ ናት" አለ። "ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ያን ዕለት ምሳው ቀዘቀዘ። ወይዘሮ ሙሉአለም መምህራን ክፍል ተቀምጠው የሁላችንም ወረቀት ዓይናቸው ሥር እንደገና እንዲታረም አደረጉ። አቶ ሀብቴን አስጠርተው ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወልደ ማርያም ባልዲና ብሩሽ ይዞ መጣ። ሰማያዊዎቹን ቀስቶች ወደ ግራና ወደ ታች ሲያዞራቸው ዘጠነኛ ክፍሎች አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። በልቤ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ውሸት አልተናገርኩም፣ ቦታውም የእኔ ነው እያልኩ።

አርብ ጠዋት አዲሱ ዝርዝር ተለጠፈ። አንደኛ ዘምዘም ኑሪ፣ አርባ ስምንት። ሁለተኛ ኢክራም ሸምሱ፣ አርባ ሰባት። ሱራፌል አርባ አራት።

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ሮጥኩ። ቲቸር ዘርአብሩክ ወረቀቴን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ስለ ራዲየስ የወጡት ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው፦ ከሊቲየምና ከፖታሲየም የትኛው ይበልጣል? ፖታሲየም ጽፌ፣ በላጲስ አጥፍቼ፣ ሊቲየም ብያለሁ። የላጲሱ ምልክት አሁንም ይታያል። የፈተናው ቀን በመስኮት ግድግዳው ይታየኝ ነበር፤ ሁለቱን ከተጻረርኩት ይበቃል፣ አንዷን ልተውለት ብዬ ነበር። በመጀመሪያው እርማት ልክ የተባለችው እሷ፣ በአዲሱ ኤክስ ሆነች። ዘምዘም ሦስቱንም እንደ መጽሐፉ መልሳለች፤ ሱራፌል ሦስቱንም እንደ ግድግዳው።

ዘምዘምን በሩ ላይ አገኘኋት። ታለቅሳለች፤ በደስታ ይሁን በሐፍረት አላወቅኩም።

"ታውቂ ከነበር ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ማን ይሰማኛል ብዬ ነው። ወላሂ፣ ኢክራም፣ ቦታው ያንቺ ነው። ሄጄ ልንገራቸው?"

አፌ ላይ "አዎ" ነበር። ዋጥኩት። "ሂጂና ላቦራቶሪውን አይተሽ ነይ። ያየሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ" አልኳት። ከልቤ አልነበረም፤ ግን አልኩት።

ከሰዓት አዲሎ ሱቅ ገባሁ። አባቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶት ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ሳበልኝ፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

"ክረምቱን እሸጥልሃለሁ" አልኩት። "መስከረም ላይ ግን እመለሳለሁ። ብትፈቅድም ባትፈቅድም እመለሳለሁ፣ አባ።"

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

"ሐሙስ አፍሽን ብትይዢ ኖሮ ሆሳዕና የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ" አለ።

"አዎ።"

"አይቆጭሽም?"

"ሐሙስ አይቆጨኝም" አልኩት። "የሚቆጨኝ ማንም ሳያስገድደኝ ላጲስ ያነሳሁ ቀን ነው።"