አባሪ አራት

«ወይዘሮ ማኅተም» እውነተኛ ስሟ አይደለም። የሆስፒታሉ ማኅተም በእሷ መሳቢያ ተቆልፎ ስለሚያድርና ቁልፉንም እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥለው፣ ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉም በዚሁ ይጠራታል። የግዢ ክፍል ኃላፊ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ሰው ሳታስቀይም እንቢ ማለትን ተምሬያለሁ ብላ ታምን ነበር። በዚህም ትንሽ ትኮራለች፤ ለምን ትዋሻለች።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የሥራ ሐሳብ ተቀምጦ አገኘች። ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት የመጣ ሲሆን፣ የሆስፒታሉን አንሶላ፣ የሕመምተኛ ልብስና የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ልጠብላችሁ ይላል። የማሽኖቹ ዓይነት፣ የውኃው ሙቀት፣ መኪናው የሚመላለስበት ሰዓት፣ አንድም የጎደለ ነገር የለውም። ባለቤቱን ታውቀዋለች። በጋም ሆነ ክረምት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ስለሚዞር ሰፈሩ «ነጭ ሸሚዝ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ቅጽሉን አልጠላውም፣ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ከሦስት ዓመት በፊትም ይህንኑ ጠይቋቸው ነበር።

አባሪዎቹን ማገላበጥ ጀመረች። የንግድ ፈቃድ፣ የማሽኖቹ ፎቶግራፍ፣ የደንበኞች ምስክርነት። አባሪ አራት ላይ ስትደርስ እጇ ባለበት ቀረ። ርዕሱ «ከሆስፒታሉ የተሰጠ የአብሮ መሥራት ማረጋገጫ» ይላል። ከሥሩ የተያያዘው ደብዳቤ የራሷ ነበር። ማኅተሙ የእሷ፣ ፊርማው የሥራ አስኪያጁ።

«ላቀረቡልን ሐሳብ ከልብ እናመሰግናለን። ለጊዜው ሁኔታዎች ባይፈቅዱልንም፣ በቅርቡ አብረን እንደምንሠራ ጽኑ እምነታችን ነው። እስከዚያው በትዕግሥት እንዲጠብቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

አስታወሰችው። ስትጽፈው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ሰውየው ትሑት ነበር፤ እንዳይከፋው ብላ ቃሉን አለሰለሰችው፣ አለሰለሰችውና እንቢታው ከውስጡ ሟሙቶ ጠፋ። እሱ ደግሞ ያነበበው የተጻፈለትን ነው።

በማግሥቱ የኢንፌክሽን መከላከል ነርሷን ይዛ ማጠቢያ ቤቱን ልታይ ሄደች። ነጭ ሸሚዝ ከበሩ ላይ ተቀበላቸው። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ በግራ ማሽኖቹ ያጉረመርማሉ፣ በቀኝ የተተኮሰው አንሶላ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ተደርድሯል። ነርሷ ሙቀት መለኪያውን አየች፣ መዝገቡን አነበበች፣ አንዱን አንሶላ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ መረመረች። ነርሷ በቀላሉ የምታመሰግን ሴት አይደለችም።

«እጥበቱ አንደኛ ነው» አለች። ቀጥላም ወደ በሩ ጠቆመች። «ግን ያልታጠበው የሚገባው በዚህ፣ የታጠበው የሚወጣውም በዚሁ። ክፍሉም አንድ። ለሆቴል ይሆናል፤ ለሆስፒታል ግን የቆሸሸውና የጸዳው በግድግዳ መለየት አለባቸው፣ መግቢያና መውጫቸውም የየራሱ መሆን አለበት። ያለፈውም ጊዜ ሪፖርት ያደረግሁት ይህንኑ ነው እኮ።»

«ያለፈው ጊዜ?» አለ ነጭ ሸሚዝ።

ነርሷ ወይዘሮ ማኅተምን አየቻት። ወይዘሮ ማኅተም ደግሞ ወለሉን።

«ማንም አልነገረኝም» አለ ሰውየው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ያኔ ቢነገረኝ ይሄኔ ግድግዳው አርጅቶ ነበር።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጽሕፈት ቤት በምትመስለው ጥጉ ላይ፣ ከወንበሩ በላይ፣ ያ ደብዳቤ በፕላስቲክ ተለብጦ በምስማር ተሰቅሏል። ሰውየው ዓይኗ የሄደበትን አይቶ ፈገግ አለ።

«እሱን ይዤ ነው የቆየሁት። የኮሌጁ ማደሪያ ቤት አንሶላ እጠብልን ብሎኝ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሲጠራኝ እጄ እንዳይሞላ ብዬ ተውኩት። አሁን ደግሞ ትልቁ ሆቴል የሁለት ዓመት ውል አቅርቦልኛል። እስከ ዓርብ መልስ ስጠን ብለዋል። እኔ ግን እናንተን ላስቀድም ብዬ ነው። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

«አሳውቅዎታለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላችው።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ ግን ፊቱ በራ። አሁን የሚያጥብላቸው ድርጅት ውሉ የሚያልቀው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ድርድር አለ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እንደ በፊቱ ጻፊለት። ደስ የሚያሰኝ ነገር በይው። ተፎካካሪ በእጃችን እንዳለ እነዚያ ሲያዩ ልባቸው ይርዳል። በሩን አትዝጊበት።»

«በሩ ክፍት ይሁን፤ እኔም እሱን ነው የምለው። ግን መግቢያው የት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈት እንንገረው። አለበለዚያ ደጅ ላይ አቁመን ነው የምናስቀረው።»

«ወይዘሮ ማኅተም፣ የእኛ ሥራ ሆስፒታሉን መጠበቅ ነው። የእሱን ንግድ እሱ ይጠብቅ።»

የመልሱን ረቂቅ ጀምራ ይዛው ቤቷ ገባች። ባለቤቷ የስልክ ጠጋኝ ነው፤ የእራት ጠረጴዛውን ግማሽ በጥቃቅን ብሎኖች ሞልቶታል። በቀረው ግማሽ ላይ ወረቀቷን ዘረጋች። ጻፈች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ እንዲያነበው ሰጠችው።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አነበበ። «ጥሩ ነው። ሰውየው ሥራውን አገኘ ማለት ነው?»

«አላገኘም!»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው ያላገኘው?» ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባውንም አየ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም እንዲህ ነበር ያደረግሽኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እሺ ትበይኝ እንቢ ሳላውቅ ጫማዬ አለቀ።»

«በመጨረሻ እሺ አልኩህ አይደል?»

«አልሽኝ። ይሄኛው ግን መጨረሻው እንቢ ነው።»

ሳቀች። እስከዛሬ ስታለሰልስ የኖረችው ለሰዎቹ አዝና ሳይሆን ለራሷ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ፊታቸው ሲጠቁር ላለማየት። አዲስ ወረቀት አወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ አቀረበች። እንዲህ ይላል፦

«የላኩልንን ሐሳብ በሙሉ አንብበናል፤ ማጠቢያ ቤትዎንም አይተናል። የእጥበትዎ ጥራት ከጠበቅነው በላይ ነው። ይሁንና ሐሳብዎን አሁን መቀበል አንችልም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር ያለን ውል ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። ሁለተኛ፣ የቆሸሸውና የታጠበው ጨርቅ በግድግዳ የተለየ ክፍል፣ የየራሱ መግቢያና መውጫ ያስፈልገዋል። ይህንን ከሦስት ዓመት በፊት ልንነግርዎ ይገባ ነበር፤ ባለመንገራችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውላችን ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ለሁሉም ክፍት የሆነ ጥሪ እናወጣለን፤ ጥሪው በእጅዎ እንዲደርስ እናደርጋለን። ሥራውን ያገኛሉ ብለን ቃል ልንገባልዎ አንችልም፤ እኩል እንደምንመዝንዎ ግን እንገባለን። እስከዚያ ድረስ ከእኛ የሚጠብቁት ነገር ስለሌለ፣ የሚመጣልዎትን ሥራ ያለ ሐሳብ ይያዙ።»

«ጨካኝ ነሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይቅርታ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? በዚህ ላይ አልፈርምም።»

አባሪ አራትን ጎትታ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ርዕሱን አነበበ፣ ከሥሩ የራሱን ፊርማ አየ። «የአብሮ መሥራት ማረጋገጫ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህንን... ማረጋገጫ ብሎ ነው የያዘው?»

«ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ኮሌጁን የመለሰው በዚህ ነው። ነገ ሆቴሉንም ከመለሰና ደብዳቤውን ይዞ ለአቤቱታ ከሄደ፣ ጠብቀን ያላችሁት እናንተ ናችሁ ይሉዎታል።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሣ። ያስፈረመው ፍርሃት ይሁን ኀፍረት እሷ እስከ ዛሬም አታውቅም፤ እሷን ያስጻፋት ግን ኀፍረት ነበር።

ደብዳቤው ቀድሟት እንዳይደርስ መጀመሪያ ደወለችለት። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት ብቻ አይነገርም ብላ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረችው። በስልኩ ውስጥ የማሽኖቹ ጉርምርምታ ይሰማታል።

«ትንሽ ብታገሥስ?» አለ በመጨረሻ። «ግድግዳውን በወር ውስጥ ባቆመውስ?»

ደስ የሚያሰኘው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ቢያቆሙትም ውላችን አያልቅም። አይጠብቁን። የሆቴሉን ውል እርስዎ ያውቁበታል፤ እኛን ብለው ግን እንዳይመልሱት።»

ስልኩ ተዘጋ። ደኅና ይዋሉ እንኳ አላላትም። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዘላትም፤ ምሳዋንም ሳትነካ መለሰችው። ደግ ሰው አስቀየምኩ ብላ ነው የዋለችው።

አሥራ ሁለት ወር አለፈ። ጥሪው የወጣ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጂ ራሷ ፖስታ ውስጥ ከታ ለነጭ ሸሚዝ ላከችለት። ይመጣል ብላ እርግጠኛ ነበረች። ሥራ አስኪያጁም በየቀኑ ብቅ እያለ «ሰውዬሽ መጣ?» ይላታል። በሰባተኛው ቀን ወፈር ያለ ፖስታ ደረሳት። ቆማ ቀደደችው።

«የተከበሩ የግዢ ክፍል ኃላፊ፣ ጥሪያችሁ በቃላችሁ መሠረት በእጄ ደርሷል፤ በሙሉ አንብቤዋለሁ። ይሁንና አሁን መወዳደር አልችልም። ምክንያቱ የሆቴሉ ውል ገና አሥራ ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ሁለቱን ብይዝ አንዱን እበድላለሁ። ግድግዳው ቆሟል፤ በፈለጉ ቀን መጥተው ይዩት። ከእናንተም በኩል አንድ ነገር ይቀራል፦ ደም የነካውን ጨርቅ እዚያው ክፍላችሁ በቀለም በተለየ ከረጢት ለይታችሁ ብትልኩ፣ የኔም ሆነ የማንም አጣቢ እጅ አይጎዳም። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር እጄ ነጻ ይሆናል። እስከዚያ ከእኔ የሚጠብቁት ነገር ስለሌለ፣ የሚመጣውን አጣቢ ያለ ሐሳብ ይያዙ።»

እየሳቀች ነበር የምታነበው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከደብዳቤው ሥር አንድ ቃል አለ፦ «አባሪ»። ፖስታውን ብታራግፈው ያ በፕላስቲክ የተለበጠው አሮጌ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጀርባው ላይ በእጅ ተጽፎበታል።

«ይህንን መልሼልዎታለሁ። በምስማሩ ላይ ሁለተኛውን ሰቅየዋለሁ።»

ከአንገቷ ቁልፉን አውጥታ መሳቢያውን ከፈተች። አሮጌውን ደብዳቤ ከማኅተሙ ሥር አነጠፈችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ አነሣችና በዚያው ወር ላይ «ነጭ ሸሚዝ ይጠየቅ» ብላ ጻፈች።