ውጣባት እንጂ ውረድባት ያላለው ማስታወቂያ

ሰይፉ ብዕር ሲይዝ ጎበዝ፣ ሲናገር ግን ፈሪ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በጣሊያን ጊዜ፣ የደሴ መንገድ በሸዋ ሮቢት እንዳለፈ፣ ሙሴ ኮስታ የሚሉት ግሪካዊ፣ የጣሊያን ጦር የጣላቸውን የጭነት ካሚዮኖች እዚያው እየገዛ፣ ቀባብቶ ይሸጥ ነበር። ማን ይግዛው! የቆላው ነጋዴ ግመል እንጂ ብረት ገዝቶ አያውቅም፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «አላህ ያግራው» ብሎ ይሄዳል። ኮስታ ጸሐፊውን ሰይፉን ጠርቶ «እስከ ቅዳሜ አንድ ካልተሸጠ ሌላ እንጀራ ፈልግ» አለው።

ሰይፉ ሲጨነቅ አንድ ነገር ትዝ አለው። ገበያ ላይ የግመሉን ነውር ራሱ የሚናገር ሰው ይታመናል። እናም ጽፎ በር ላይ ለጠፈ፦

«ይህች ካሚዮን አዲስ አይደለችም፤ አንዋሽም። ራዲያቶሯ ተበይዷል፤ ዳገት ላይ ውሃ ትጠጣለች። ሞተሯ ደህና ነው። ገዢ ሆይ፣ ከመክፈልህ በፊት ጭነህ የጣርማበርን ዳገት ውጣባት።»

ኮስታ ሲተረጎምለት ሊያንቀው ምንም አልቀረው። ሰዉ ግን ወረቀቱን ከበበው። «ነውሯን የሚናገር ነጋዴ አየን!» ተባለ፤ ኮስታም ወረቀቱ እንዲቆይ ተወው። ሰይፉ ግን የኋላ ፍሬኗ ሸራ ተበልቶ ማለቁን ያውቃል። ለዚህም ነው ውጣባት ብሎ ውረድባት ያላለው።

ቅዳሜ የሰይፉ ጎረቤት ጋሽ ቃሲም አምስት ግመሎቹን ሸጦ ከተፍ አለ።

«ይሞክሯት እንጂ ጋሼ» አለው ሰይፉ ቶሎ ብሎ።

«ምን ያስሞክረኛል ልጄ? ራዲያቶሩን ያልደበቀ ሌላውን ይደብቃል? ዛሬውኑ በርበሬ ጭኜ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። የሚነዳልኝ የእህቴ ልጅ ነው።»

የወጣ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ኮስታ ውሉን ዘርግቶ ለቃሲም የአውራ ጣት ቀለም አቀረበ። ሰይፉ የቃሲምን ክንድ ያዘ።

«ጋሼ፣ ተዉ! የኋላ ፍሬኗ አልቋል። ቁልቁለት ላይ አትይዝም፣ ትጨርሳችኋለች!»

ፍሬን የምትለውን ቃል ለኮስታ መተርጎም አላስፈለገም። ከወንበሩ ተነስቶ ለሰይፉ በሩን አሳየው።

ቃሲም ጣቱን ከቀለሙ መለሰ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት።»

«ወላሂ፣ ያን ወረቀት ባትጽፍ ኖሮ፣ ሰው ቀጥሬ አስፈትሻት ነበር» አለና ገንዘቡን ሽርጡ ውስጥ ቋጥሮ ወጣ።

ቃሲም አልተጣላውም፤ ሰላምታም አልነፈገውም። ነገር ግን ሰይፉ ጠዋት ጠዋት «ደህና ነን፣ ጋሼ» ባለው ቁጥር፣ ቆም ብሎ ዓይን ዓይኑን እያየ «ሌላስ?» ይለዋል።