ሰርጉ አልተራዘመም

በአንድ ኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን የምትጽፈውን ልጅ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «እሺታ» ነው የሚላት፤ ምን ቢያዟት «እሺ» ስለምትል። እሷ ደግሞ በዚህ ስም ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን አለቃዋ እየተንደረደረ ገባ። «የዘፋኙ ድምፅ ተዘግቷል። ሐኪሙ ትንፍሽ እንዳትል ብሎታል። ኮንሰርቱ መራዘሙን አሁኑኑ ለጥፊ።»

«እሺ። አዲሱ ቀን መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ግንቦት 16። አዳራሻችን የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው።»

ከኪቦርዱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ሰርጌ ነው! አዳራሹን የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«ለዚህ ነዋ ይገኛል ያልኩሽ! የያዘው የራሳችን ሰው ነው። ሰርግ የትም አይሄድም የኔ ልጅ፤ ትኬቱ ግን ተሸጧል።»

«እሺ» አለች፤ አፏን ይዝጋውና። እንባዋን እየዋጠች ጻፈች፦

«ውድ ታዳሚዎቻችን፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ሊቀርብ የነበረው ኮንሰርት በድምፃዊው ሕመም ምክንያት ወደ ቅዳሜ ግንቦት 16 ተራዝሟል። አዳራሹም ሰዓቱም ያው ነው። የያዙት ትኬት ለአዲሱ ቀን ያገለግላል። ገንዘብዎ እንዲመለስ ከፈለጉ፣ በመተግበሪያ የገዙ ‹ትኬቶቼ› ውስጥ ገብተው ‹ተመላሽ›ን ይጫኑ፤ ከሱቅ የገዙ ትኬትና መታወቂያ ይዘው ወደ ገዙበት ሱቅ ይሂዱ። ጥያቄ የምንቀበለው እስከ ሚያዝያ 30 ነው። ለመጉላላቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

መጀመሪያ አስተያየት የሰጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እጮኛዋ! ለራሱና ለእሷ ትኬት ገዝቶ ነበር። «በዚህ ቀን ሰርግ ስላለብኝ መገኘት አልችልም። ገንዘቤ ይመለስልኝ።»

በገጹ ደንብ ማንም ሰው ያለ መልስ አይታለፍም፣ መልሱም አንድ ዓይነት ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ ‹ትኬቶቼ› ውስጥ ይግቡ» አለችው፣ የገዛ ባሏ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ሰው!

«ሰርጌም እዚያው አዳራሽ ነው» ብሎ መለሰ። «እሱስ በየት በኩል ነው የሚመለሰው?»

ሕዝቡ ከሥር ሳቀበት። አንዱማ «ከሱቅ ከሆነ መታወቂያ ይዘህ ሂድ ወንድሜ» አለው። በእሱ ላይ ሲሳቅ ማየት አልቻለችም። ጽሑፉን ከፈተችና ከሥሩ ጨመረች፦

«ማሳሰቢያ፦ በዚሁ ቀን፣ በዚሁ አዳራሽ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ታገባለች። ሰርጉ አልተራዘመም። ትኬት የያዘ ሁሉ ተጋብዟል።»

አለቃዋ እየጮኸ መጣ። «አጥፊው!»

«እምቢ።»

በቢሮው ያን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከወዲያ ጥግ የትኬት ሠራተኛው አንገቱን ብቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሰዉ የተመላሽ ጥያቄውን እየሰረዘ ነው። ሙሽሪት ምን ዓይነት ስጦታ ትወዳለች እያሉ ይጠይቃሉ።»

አለቃው ቁጣውን ረስቶ ወደ ትኬት ሠራተኛው ዞረ። «የቁም ቦታ ትኬት ብንጨምርስ?»

እሷ አልሰማችውም። እጮኛዋ እንደገና ጽፎ ነበር። «የተመላሽ ጥያቄዬን ሰርዣለሁ። ሁለቱም ትኬቶች ለአዲሱ ቀን ይቆዩልኝ።»

«ውድ ደንበኛችን» ብላ ጀመረችና አጠፋችው።

«እሺ» ብላ ጻፈችለት።