የማስታወቂያው ጸሐፊ

ወንዳፍራሽ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ የሐበሻውን የፓስፖርት እድሳት ፎርም ሲሞላም እንደዚያው። በነጻ ነው የሚሞላው። «ያለ ወንዳፍራሽ ምን ይውጠን ነበር!» ከተባለለት ይበቃዋል።

ሰኞ ዕለት ቆንስላው በፌስቡክ ገጹ አዲስ አሠራር ለጠፈ። ከእንግዲህ ማመልከቻው ኦንላይን ይሞላል፤ ማረጋገጫው ፕሪንት ይደረጋል፤ ከዚያም ከአሮጌው ፓስፖርት፣ ከመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ ከፎቶና ቴምብር ከተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ ጋር ይላካል። አለቀ።

ሚስቱ ፀሐይነሽ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለሕፃን እንኳ ይገባል! የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ!»

የወንዳፍራሽ ደም ፈላ። እሱ ያን ሁሉ ዓመት ሲሞላ አንድ ቀን እጁን መርቃለት አታውቅም! ስህተት ሊያገኝበት ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድም አላገኘበትም፤ ይኼ ደግሞ ይባስ አናደደው።

ቅዳሜ፣ ሁልጊዜ እሱ ዘንድ ፎርም የሚያስሞሉት ጋሽ ነጋ ደወሉ። «ለፓስፖርቴ ጉዳይ ነበር። ቤት አለህ?»

«ይምጡ እንጂ!» ጠረጴዛውን ወለወለ፤ መነጽሩን አደረገ፤ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ሚስቱንም «አየሽ?» በሚል ዓይን አያት።

ጋሽ ነጋ ሲመጡ ማመልከቻውን ራሳቸው ስልካቸው ላይ ሞልተው ጨርሰዋል። ወረቀቶቻቸውም በማስታወቂያው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል።

«ታዲያ እኔ ምን ልርዳዎት?» አለ ወንዳፍራሽ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

«ኧረ አንተንስ አላስቸግርህም» አሉ ስልካቸውን እያቀበሉት። «ፕሪንተርህ ይሠራል?»