ቁልቁል የሚያመለክተው ቀስት

ኸዲጃ ልጇን መርፌውን የወጋቻት ዳገቱ ሥር ነው። አስባበታለች። የምግቡ ኢንሱሊን ከመብላት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጋል፤ ዳገቱም ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ላይ ሲደርሱ ለሞተ ዘመድ የተደገሰው የሰደቃ ምግብ ይቀርባል፣ ራሕማም ትበላለች። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ጭኗን ሰጠች፤ ተወጋች፤ ከዘመዶቿ ጋር ወደ አምባው መውጣት ጀመረች።

ሐሳቡ ሁለት ነገር ጎድሎታል። ጭኑን የተወጋ ሰው ዳገት ሲወጣ ኢንሱሊኑ ከወትሮው ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል። ደግሞም ኸዲጃ የመካነ ሰላም ከተማ ልጅ ናት። ከከላላ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ አምባ፣ በባሏ ዘመዶች ቤት፣ ሰደቃ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ትሪው ከቀረበ በኋላ ዱአው ምን ያህል እንደሚረዝም የነገራት የለም።

ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ ከመጋረጃው ማዶ ተቀምጠዋል። ኸዲጃ ከቦርሳዋ መዳፍ የምትሞላ ጥቁር ማንበቢያ አውጥታ የልጇን እጅጌ ሳትገልጥ ክንዷ ላይ አስጠጋች። ከጨርቁ ሥር፣ በክንዷ ጀርባ፣ ሳንቲም የምታክል ነጭ ክብ ነገር ተለጥፋለች። ጅዳ የምትሠራው እህቷ ፋጢማ ናት ሁለት ገዝታ የላከችላት፤ አንዷ ለአሥራ አራት ቀን ታገለግላለች። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ቆዳ ውስጥ ገብታ ስኳር ትለካለች። ማንበቢያው በራሱ አይጮኽም። ሲያስጠጉት ብቻ ቁጥርና ቀስት ያሳያል።

163፤ ቀስቱ ወደ ታች ያዘነበለ።

«አሁንስ በዚህም ካርድ ይሞላል እንዴ?» አለ አዩብ፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በሴቶቹ በኩል እያለፈ። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሳዑዲ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። «እኛ ሞባይል እንሞላለን፣ አንቺ ልጅ ትሞያለሽ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ራሕማም ሳቀች። እጇን ታጠበች። ትሪዎቹ ተደርድረው ቀረቡ፤ ኸዲጃም በልቧ እፎይ አለች። ከዚያ ከመጋረጃው ማዶ የሸኽ አሕመድኑር ድምፅ ተሰማ፤ ዱአው ተጀመረ፤ እጆች ሁሉ ተዘረጉ።

መጀመሪያ ለሟቹ ተለመነ። ቀጥሎ ለሟቹ ወላጆች፣ ቀጥሎ ለአገሩ ዝናብ። ዓረብ አገር ላሉት ልጆችም ተለመነ፤ ስማቸው አንድ በአንድ እየተጠራ። «አሚን» ይባላል፤ ትሪው እንደተከደነ ነው።

ኸዲጃ ማንበቢያውን እንደገና አስጠጋች። 118። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል።

አዩብ ማስታጠቢያውን ወደ ወንዶቹ ሲመልስ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ አየ። «መቶ አሥራ ስምንት! ማሻአላህ፣ ከእኔ ይሻላል። አብሽሪ።»

ከልቡ ነው። ባሏ ሙሐመድአሚንም ቁጥሩን ቢያይ ያንኑ ይላል። ኸዲጃን ግን ቁጥሩ አላረጋጋትም። መካነ ሰላም ያለችው ነርስ ምህረት ይህን ዓይነት መሣሪያ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም፤ ፋጢማ በስልክ የነገረቻትን ይዘው ነው ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ያጠኑት። «ይሄ ደም አይለካም» ብላት ነበር ምህረት። «የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ውሃ ነው። ስኳር መጀመሪያ ደም ውስጥ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ውሃው ኋላ ነው የሚከተለው። ዋናው ቦይ ሲደርቅ እርሻው ወዲያው አይደርቅም፣ አይደል? ቦዩ ሲሞላም እርሻው ወዲያው አይረጥብም። አምስት፣ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል።»

ቀስቱ ጠፍጣፋ ሲሆን መዘግየቱ አያስፈራም፤ ደሙም ውሃውም ተቀራራቢ ናቸው። ያዘነበለ ቀስት ማለት በየደቂቃው ከአንድ እስከ ሁለት እየቀነሰ ነው። ቀጥ ብሎ የወረደ ቀስት ግን በደቂቃ ከሁለት በላይ ነው። ስለዚህ 118 የሚለው ቁጥር ያለፈ ወሬ ነው። የደሟ ስኳር አሁን ምናልባት ከመቶ በታች ነው። ዱአው ሌላ ሩብ ሰዓት ከሄደ ደግሞ…

አላሰበችውም። ልታስበው አልፈለገችም።

የባሏ እናት እትዬ እናኑ አጠገቧ ናቸው። ኸዲጃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ልጅቷ ትንሽ ነገር ትቅመስ።»

«ምን ሆና?»

«ስኳሯ እየወረደ ነው።»

«ዱአ ሳይዘጋ? እዚህ ሁሉ ሰው መሐል?» አሉ እትዬ እናኑ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ። «ትንሽ ታገሺ ልጄ። ሊያሳርጉ ነው።»

ኸዲጃ ታገሠች። ሸኹ ለታመሙት መለመን ጀመሩ። የሴቶቹን ፊት አየች፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከድነዋል። ከመቶ ሰው መሐል ተነስቶ ዱአ የሰበረ ሰው ስሙ ጎረቤት ወረዳ ወግዲ ድረስ ይደርሳል። እንደገና አስጠጋች። 92፤ ያው ቀስት። የልጇን አንገት በመዳፏ ነካች። ቀዝቅዟል፤ ርሷል።

«ራሕማ?»

«እ?»

«ምን ይሰማሻል?»

ልጅቷ ትሪው ላይ አፍጥጣ ቆየች። «ይሄ ትሪ ለምን ይንቀሳቀሳል?»

ኸዲጃ በፌስታል የያዘችውን ስኳር አወጣች። ሦስት ሙሉ ማንኪያ ኩባያ ውስጥ ጨመረች፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ደገመችው። ደሟን በጣት ለመፈተሽ ፈልጋ ነበር፤ ግን የቀራት መመርመሪያ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ ላቡና ማፍጠጡ ደግሞ ያለ ወረቀት ይበቃል። እትዬ እናኑ የእጅ አንጓዋን ያዙ።

«ኸዲጃ! ሰው ምን ይለናል?»

«ይበሉን።»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ገለጡ። ውሃ ጨምራ በጥብጣ የልጇን ጭንቅላት ደግፋ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። ራሕማ ግማሹን በአፏ ጎን እያፈሰሰች በጣቶቿ ጠረገችው፤ ኸዲጃ ሌላ በጠበጠችና ጨመረችላት። ከማዶ «አሚን» የሚለው እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ የሸኹ ድምፅ።

«ልጅ ታማለች!» አለች አንዷ።

ሙሐመድአሚን መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አዩብ ተከተለው። ኸዲጃ ጥቂት ቆይታ ማንበቢያውን አስጠጋች። 81፣ ቁልቁል። ትንሽ ቆየች። 70፣ ቁልቁል።

«አልያዘም!» አለ አዩብ። ቅድም የነበረው ፈገግታ ከፊቱ ጠፍቷል። «ወላሂ አልያዘም፣ እየወረደ ነው! ማር አምጡ! ሞተር አለ ታች፣ አውርደን እንውሰዳት!»

ከየአቅጣጫው ማር፣ ለስላሳ፣ የሸንኮራ ቁራጭ መጣ። አንዲት ሴት በጣቷ ማር ነክራ ወደ ራሕማ አፍ ሰደደች። ኸዲጃ እጇን መለሰችው።

«ቆዩ። ጠጥታለች። ይዘገያል።»

«ቁጥሩን እያየሽ?» አለ ሙሐመድአሚን። «ኸዲጃ፣ ልጄ ናት። ቀስቱን እኔም አያለሁ፤ ወደ ታች ነው።»

«ቀስቱ የሚነግርህ የቅድሙን ነው። የጠጣችው ገና እዚያ አልደረሰም።»

«ካልደረሰስ?»

ምህረት የነገረቻት እውነት ከሆነ የደሟ ስኳር አሁን እየወጣ ነው፣ ማንበቢያው ብቻ ነው ወደኋላ የቀረው። ካልሆነ ግን ልጇን ሰው ሁሉ ሊያድናት ሲል እናቷ ራሷ ከልክላ ገደለቻት። ባለፈው ወር ቤት ውስጥ ቀስቱ እስኪዞር ስኳር ስትግታት አድራ፣ ስኳሯ አራት መቶ ወጥቶ ልጅቷ ስታስታውክ ነው የነጋው፤ ያም ያስፈራታል። በሞተር ማውረድ ደግሞ ሞተሩ ያለበት ድረስ የወጡትን ዳገት በእግር መውረድ ነው።

ሩብ ሰዓት መጠበቅ አለባት። ግንባሯን በልጇ ግንባር ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሰዓቷን አይታ ቀና አለች። 62፣ ቀስቱ ያዘነበለ ወደ ታች። አንድዋን ወረቀት ከመመርመሪያው ዕቃ አወጣች፤ የራሕማን ጣት ያዘች፤ እጇ ላይ ተጣበቀባት። ስኳር ነው። በዚህ ጣት ላይ ደም ቢለካ ውሸት ይናገራል፤ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወረቀቱም ይባክናል።

«አዩብ፣ ውሃ።»

«ምን?»

«ማስታጠቢያውን አምጣ! እጇን እጠብልኝ።»

አዩብ ተንበርክኮ ሁለቱንም እጆቿን በጥንቃቄ አጠበ። ኸዲጃ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፣ ወጋች፣ ደሟን ወረቀቱ ላይ አስነካች። መመርመሪያው ይቆጥራል። አምስት፣ አራት። ሙሐመድአሚን ፊቱን አዞረ።

84።

«ስንት ነው?» አለ ሙሐመድአሚን ሳይዞር።

«ሰማንያ አራት። ደሟ።»

«ያኛው ስልሳ ሁለት ይላል እኮ» አለ አዩብ።

«ያኛው ገና እየመጣ ነው።» ከዚያ በኋላ ነው ኸዲጃ ማልቀሷን ያወቀችው። «ግን አሁኑኑ መብላት አለባት። የወጋኋት መድኃኒት ገና ሥራውን አልጨረሰም። የጠጣችውን ይጨርሰዋል።»

ከማዶ ሸኽ አሕመድኑር ተነስተው መጋረጃው አጠገብ ቆመዋል። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ምግቡን ክፈቱላት እንጂ ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ዱአው የትም አይሄድም። ትብላ።»

ትሪውን የከፈቱት እትዬ እናኑ ናቸው። ዳቦ ቆርሰው በወጥ አጥቅሰው ለልጅ ልጃቸው እጇ ላይ አኖሩላት። መቶ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዲት ልጅ ስታኝክ ተመለከተ። ራሕማ አፈረች። «ሁሉም ለምን ያየኛል?» አለች። ከዚህ በፊት በዚያ ቀን ያልሳቀ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሁለተኛውን ዳቦ ስትጨርስ ማንበቢያው 66 አለ፤ ቀስቱ ጠፍጣፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ 88፤ ቀስቱ ወደ ላይ ያዘነበለ።

«በቃ ወጣ!» አለ አዩብ። «አሁንስ መርፌ አያስፈልጋትም? ሊዘል ነው።»

«እንዳትነካት» አለች ኸዲጃ፤ አዩብም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደኋላ ሸሸ።

ዱአው ካቆመበት ቀጠለ። ኸዲጃ እጆቿን መዘርጋት አልቻለችም። የወጋቻት መድኃኒት እስከ ማታ ድረስ ራሕማ ሰውነት ውስጥ እንደሚሠራ ታውቃለች። መመርመሪያ ወረቀት የላትም። መሄድም መሮጥም ስኳሯን መልሶ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ዛሬ በእግር መውረድ የለም፤ በቅሎ መጠየቅ አለባት፤ በቅሎ እስኪመጣም ፀሐይ ታዘቀዝቃለች።

«እማ» አለች ራሕማ። «ልጆቹ ጋ ልሂድ?»

«አትሄጂም።»

«ቀስቱ ወደ ላይ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ኸዲጃ፤ የልጇን ቀሚስ ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ያዘች።