የተዘለለው ድምፅ

ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ «ምንም አልነካሁትም» ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያልተነካ ስልክ በራሱ ጊዜ ታሞ፣ በራሱ እግር ነው እንዴ እኔ ጋ የመጣው? ስልክ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። የነካኩትን ደብቀው የጠፋውን ውለጂ ይሉኛል። አፌ ደግሞ አያርፍም፣ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ በምላስሽ ደንበኛ ታባርሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው።

ያን ቀን ጠዋት የገባችው ልጅ ግን ገና በሩን ሳታልፍ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ከኋላዋ እናቷ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ገቡ። ከእናትየው ኋላ ደግሞ አባትየው መጡ፤ ረጅም፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ስስ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ወንበር ሳቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ እንጂ ቃል አልተነፈሱም። ኩሩ ሰው ናቸው ብዬ በሆዴ አማኋቸው።

ልጅቷ ነገሩን ስታስረዳኝ አፈርኩ። አባቷ መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ መነሻ የሚያስታውቁ ሰው ነበሩ። የድምፅ ማጉያው ሲበላሽ እንኳ ማንም አይቸገርም ነበር አለችኝ፣ ከዳር እስከ ዳር ይሰሙ ነበርና። ከዚያ ጉሮሯቸው ላይ ያ ክፉ በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ማንቁርታቸውን ሙሉ በሙሉ አወጡት። ዳኑ፤ የሚተነፍሱት ሻርፑ ሥር በተከፈተ ቀዳዳ ሆነ፣ መናገር ግን ቀረ። አሁን የሚሉትን ስልካቸው ላይ ጽፈው ነው የሚያሳዩት። በጤናቸው ጊዜ ከሥራ ቦታ ለሚስታቸው የላኳቸው የድምፅ መልእክቶች ብቻ ናቸው የቀሩት። እነሱም እናትየው ስልክ ላይ ነበሩ።

«ነበሩ» ስትል ዓይኗን ከእናቷ አሸሸች።

የእናትየው ስልክ «ቦታ የለም» እያለ ሲያስቸግር፣ ልጅቷ መላ ልፍጠር ብላ ብዙውን ቦታ የያዘውን የመልእክት አፕ አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነችው። ራሷ የምትጠቀምበት ሌላ አፕ አለ። ስልክ በቀየረች ጊዜ ቁጥሯን ስታስገባ የድሮ ወሬዋን ሁሉ አንድ ሳይጎድል መልሶላት ነበር። ይሄም እንደዚያ ያደርጋል ብላ አመነች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ያኛው አፕ ወሬውን የሚያኖረው ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ይሄኛው ግን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ እጁን ያነሣል፤ መልእክቱ የሚኖረው እዚያው ስልኩ ላይ ነው። አፑ ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል። ቁጥሩን ስታስገቢ ማን እንደሆንሽ ያውቅሻል፣ የነበርሽባቸውን ቡድኖች ስም እንኳ ይዘረዝርልሻል፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። የሚያተርፈው አስቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ፣ ባካፕ የምንለው፣ ካለ ብቻ ነው።

ይህን ስነግራት አንገቷን ደፋች። ባካፕ ነበረው አለችኝ። በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ እንደሞላች አፑ ራሱ የድሮ ባካፕ ማግኘቱን ነግሮ ልመልሰው ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ባካፑ ከባድ ነው፣ እናቷ ቤት ደግሞ ዋይፋይ የለም። የእናቴን ዳታ ከምጨርስ ቤቴ ወስጄ እመልሰዋለሁ ብላ «ዝለል» የሚለውን ተጫነች። ቤቷ ስትደርስ ያ ጥያቄ የለም። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ የለም።

አይኖርማ። ያ ጥያቄ የሚመጣው አፑ እንደ አዲስ ተጭኖ ቁጥሩ በተረጋገጠባት ቅጽበት ነው። ከዘለሉት አፑ ባዶውን ይጀምራል፤ ሀሳቤን ቀየርኩ ብሎ ነገር የለም። ደግነቱ መዝለል ብቻውን ባካፑን አይሰርዘውም። አፑን አጥፍተው፣ በዚያው ቁጥርና ባካፑ በተቀመጠበት በዚያው አካውንት ድጋሚ ከጫኑት ጥያቄው ይመለሳል። ይህን ስናገር እናትየው ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጄን ሳሙት። «አፍሽ ቁርጥ ይበልልኝ ልጄ» አሉኝ። አባትየውም ፈገግ አሉ። እኔም ጅሏ አብሬ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ልማዴ ሆኖ ልጅቷን ጠየቅኳት፤ ከዘለልሽው በኋላስ ምን ነካሽ?

ሁለተኛ እንዳይጠፋ ብላ፣ ባካፑ በየቀኑ በራሱ እንዲሠራ አብርታው ነበር። ለጥንቃቄ ነው። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክታ፣ ዋይፋይ ላይ አሳደረችው።

ስልኩን ተቀብዬ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁና የመጨረሻው ባካፕ የተሠራበትን ቀን አየሁ። ትናንት ሌሊት ይላል። መጠኑን አየሁ። የዓመታት ወሬ እንዲህ አይቀልም። አፑ አካውንቱ ላይ የሚይዘው አንድ ባካፕ ነው፣ የመጨረሻውን። አዲሱ ሲመጣ በድሮው ቦታ ይቀመጣል፤ ሙሉውን በባዶ ይተካ፣ ባዶውን በሙሉ ይተካ ለእሱ ግዱ አይደለም። ልጅቷ ጥያቄውን ዘልላው ብቻ ብትተኛ ኖሮ ሁሉም ነገር ዛሬ ይመለስ ነበር። ያጠፋው መጠንቀቋ ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ነው ለሰው የምናገረው? ምላሴ ያን ቀን ብቻ አልታዘዝ አለኝ።

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እናትየው አልተቀበሉኝም። ሞክሪው አሉኝ፣ እስቲ ሞክሪው። የሚጎዳ ነገር ስለሌለ አጠፋሁትና እንደገና ጫንኩት። ቁጥሩን አስገባሁ፣ ኮዱ መጣ፣ ጥያቄውም መጣ፤ ባካፕ ተገኝቷል፣ ይመለስ ወይ? ሦስቱም በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ያያሉ። እናትየው ራሳቸው በጣታቸው «መልስ» የሚለውን ተጫኑ። ለወትሮው ሻይ የሚያስጠጣ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ አለቀ። የጎረቤት ሰላምታ ተመለሰ። የእህታቸው የአበባ ፎቶ ተመለሰ። የባላቸው ስም ሥር ምንም የለም።

የስልኩን ማኅደሮች አንድ በአንድ በረበርኩ። በዚህ ስልክ ላይ አፑ ሲጠፋ የድምፅ ፋይሎቹንም ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ልጅቷ ግድግዳዬን ተደግፋ ታለቅሳለች። አባትየው ጀርባዋን ይደባብሳሉ። እናትየው አያለቅሱም፣ ስልኩን ብቻ ያያሉ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። እነዚህን መልእክቶች የላኳቸው እኮ እኚህ አጠገቤ የቆሙት ሰው ናቸው። የላከ ሰው ስልክ ላይም የራሱ ቅጂ ይቀራል፤ ተቀባዩ አጠፋ አላጠፋ የላኪው አይነካም። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም ብዬ ራሴን እየረገምኩ እጄን ዘረጋሁ።

«አባባ፣ ስልክዎን ይስጡኝማ። እርስዎ ጋ አለ።»

እናትየው ፊታቸው በራ። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አባትየው ግን ስልካቸውን አልሰጡኝም። በትልልቅ ጣቶቻቸው ይጽፉ ጀመር፤ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ ለልጃቸው ሰጧት። አንብባው ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እናትየው «ምን ይላል?» ሲሏት ነው ያነበበችላቸው።

«ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ሁሉንም አጠፋሁት።»

ስልካቸውን ተቀበልኳቸው፣ እንዲያው ተስፋ አይቆረጥም ብዬ። የእሳቸውም ባካፕ በየቀኑ የሚሠራ ነው። ካጠፉት ወዲህ በላዩ ላይ ስንቱ ተተካክቷል። መለስኩላቸው።

እናትየው ባላቸውን ሽቅብ አዩዋቸው። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

«ለምን?» አሉ ቀስ ብለው።

ሰውዬው ጻፉ። ልጅቷ አሁንም እያነበበች ነው፤ ማንበብ ሲያቅታት እኔ ተቀበልኳት። ያንን ድምፅ ሲሰሙት በሕይወት የሌለ ሰው ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳያስቡት ተጫኑትና ሲሰሙት አመማቸው። በዚያው ንዴት ከላይ እስከ ታች አጠፉት። ሚስታቸው ጋ መኖሩን ያውቃሉ፤ ግን ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ አንድም ቀን ስትሰማው አይተዋት ስለማያውቁ፣ የረሳችው መስሏቸው ነበር።

«ልርሳህ?» አሉ እናትየው። «በየቀኑ ነው የምሰማህ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነው የምሰማህ። ጆሮህ ከገባ ይከፋሃል ብዬ።»

ሚስት ባላቸው እንዳይከፋቸው ተደብቀው ሰሙ፤ ባልም ደብቀው አጠፉ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ስለዚያ ድምፅ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ሥራ ያለኝ መስዬ መፍቻዬን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

አባትየው ወንበር ስበው ከሚስታቸው ፊት ተቀመጡ። አንዲት አጭር ነገር ጽፈው አሳዩዋቸው። «መልእክቶቹ ላይ ምን እል ነበር?» ይላል።

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «‹የመጨረሻዋ አውቶቡስ ወጣች። እኔም መውጣቴ ነው። እግሬ አልቋል፣ ውሃ አሙቂልኝ። ደግሞ ተኝተሽ እንዳላገኝሽ፣ ብዙ ወሬ አለኝ።›»

ሲናገሩ የባላቸው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ቃል በቃል፣ አንድም ሳይቀድሙ፣ አንድም ሳይዘገዩ።

«ሌላም አለ» አሉ እናትየው። «‹ዛሬ አንድ ሕፃን ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ነጥቆ...›» ብለው አቆሙ። ዓይናቸውን ገለጡ። ልጅቷን አላዩም፣ እኔን አላዩም።

«ቃሉን አውቀዋለሁ» አሏቸው። «ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን አሁን በጆሮዬ የመጣው የእኔ ድምፅ ነው። ያንተ አልመጣልኝም።»

አባትየው አፋቸውን ከፈቱ። ከሻርፑ ሥር ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ አነሡና አፑ ላይ የሚስታቸውን ስም ነክተው የድምፅ መቅጃዋን ተጫኑ፤ ስልኩን ወደ ሚስታቸው አፍ አስጠጉት፣ ቀጥዪ እንደማለት በአገጫቸው ምልክት አደረጉላቸው። እናትየው ሊቀጥሉ ሞከሩ። «‹ነጥቆ...›» አሉና ሳግ ያዛቸው፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ጣታቸውን ከመቅጃው ላይ አላነሡም።