ወርቅና ገለባ

«ገለባዋ እኔ ነኝ?» አሉኝ ወይዘሮ ጠጅቱ።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ በአቶ ገብረጊዮርጊስ የሞባይል ካርድ መሸጫ እሠራ ነበር። የምበላውም የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያም ከሽያጩ ኮሚሽን ነው፤ ደንበኛ ሲቀር እረበሻለሁ። የአቶ ገብረጊዮርጊስን የእህት ልጅ በዕውቀቱን ግን የሚረብሸው ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ታብሌቱን ታቅፎ መጣና ካርድ የተሞላላቸውን ስልክ ቁጥሮች ከፋፈላቸው። በየቀኑ የሚሞላ ወርቅ፣ በየሳምንቱ የሚሞላ ነሐስ፣ በወር አንዴ ብቅ የሚል ገለባ። ስጦታ ለወርቅ ብቻ።

«ሰው ገለባ ይባላል?» አልኩት።

«ማዘር፣ ለሰው አይደለም፤ ለቁጥር ነው። ደሞስ ማን ያየዋል?»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ማዶ ጫማ የሚጠግነው ሙሌ ነው። በሳምንት አንዴ ይሞላት የነበረችውን መቶ ብር ሸንሽኖ በየቀኑ ይሞላት ጀመር። ወርቅ ሆነ። ስጦታውን እየተቀበለ፣ «ወለተሰንበት፣ አድጌያለሁ እኮ! ከእንግዲህ ጋሼ በይኝ» ይለኛል። በዕውቀቱም ታብሌቱ ላይ ወደ ላይ የወጣውን መስመር እያሳየ ይኩራራል። መሳቢያው ውስጥ የሚገባው ብር ያው ነው፤ ስጦታው ደግሞ ከኮሚሽናችን ይቀነሳል። ይሄ ነው እንግዲህ እውቀቱ።

ወይዘሮ ጠጅቱ የሚኒባሶች ባለቤት ናቸው። በየማለዳው ይመጣሉ፤ ዛሬ ለአንዱ ሾፌር፣ ነገ ለሌላው ረዳት፣ እንዲህ እያሉ በተራ ይሞሉላቸዋል።

የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ያኔ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም ነበር። የዚያን ዕለት የሾፌራቸውን የዘነበን ቁጥር ሳስገባ ስክሪኑ ላይ አጠገቡ ፊደል አየሁ።

«ገ… ለ… ባ» አልኩ። ቃሉ ስለመጣልኝ ደስ ብሎኝ ቀና ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«የረዳቱን የደጉንስ እስቲ አንብቢው» አሉ።

የደጉም ያው ነበር። ያን ጊዜ ነው የጠየቁኝ።

በዕውቀቱ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። «እርስዎማ ሲስተሙ ላይም የሉም፤ የሚመዘገበው የተሞላለት ቁጥር ነው። የእነሱ ደግሞ በወር አንዴ ነው የሚሞላው።»

«በየማለዳው እዚህ ቆሜ የምከፍለው ማነኝ ታዲያ? ጥላዬ ነው?»

«ሕጉ ነው፣ ማዘር።»

«ሕግ አለ ደግሞ! የከፈለውንና የተሞላለትን ሳይለይ ወርቅ ያነጥራል። በል ከወርቆችህ ጋር ተቀመጥ!» ብራቸውን ከጠረጴዛው አነሡ፤ እኔን ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ። በዕውቀቱ ታብሌቱን እያየ፣ «ገለባ ነው፣ ይሂድ» አለ።

ወር ሳይሞላ ኮሚሽኑ ስጦታውን መሸከም አቃተው። ስጦታው ሲቆም ሙሌም ቀረ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ጠሩኝና፣ «ሰው መቀነስ አለብን» አሉኝ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ሄዱ፣ ሙሌ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። በዕውቀቱ ቀረ።